ስካን የተደረገ ሠንጠረዥን ወደ ዎርድ ሲያዛውሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሐዋሳ ፒያሳና አቶቴ አካባቢ ወዳሉ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ከሚመጡ ሥራዎች መካከል አንዱ የጨረታ ዋጋ ማቅረቢያ ሠንጠረዥ ነው። ተጫራቹ ሰነዱን የሚያገኘው ስካን ተደርጎ በፒዲኤፍ ሲሆን፣ ዋጋውን በኮምፒውተር ሞልቶ ማተም ስለሚፈልግ ሠንጠረዡ በዎርድ እንዲሠራለት ይጠይቃል። ቅጹ ግን ከዋናው መለየት የለበትም፤ የዓምዶቹ ስፋት፣ መስመሮቹና የቁጥሮቹ አሰላለፍ እንደነበሩ መቆየት አለባቸው። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ስህተቶች ሁሉ ከአንድ ምንጭ የሚመነጩ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ እርሱም ጽሑፉንም የሠንጠረዡንም ቅርጽ በአንድ ጊዜ ከጽሑፍ ማንበቢያ ፕሮግራም መጠበቅ ነው። ፕሮግራሙ ጽሑፉን ያውጣ፤ ቅርጹን ግን ከምስሉ ለክቶ መገንባት ያለበት ሠራተኛው ራሱ ነው።

ለማስረጃ እንዲሆነን ባለ ስድስት ዓምድ ሠንጠረዥ በኤ4 ወረቀት ላይ እንውሰድ። ዓምዶቹ ተ.ቁ፣ የዕቃው ዝርዝር፣ መለኪያ፣ ብዛት፣ የአንዱ ዋጋ እና ጠቅላላ ዋጋ ናቸው፤ ከመጨረሻዎቹ ሁለቱ በላይ «ዋጋ በብር» የሚል የጋራ ርዕስ አለ።

ምስሉን ሳያቀኑ ወደ ማንበቢያው ማስገባት

ወረቀቱ በስካነሩ ላይ በአንድ ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል፣ 17 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ሠንጠረዥ ላይ የአንድ መስመር ግራና ቀኝ ጫፎች የ3 ሚሊ ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት ይኖራቸዋል። የአንድ ረድፍ ቁመት 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ይህ የረድፉ ግማሽ ማለት ነው፤ በመሆኑም ማንበቢያው የአምስተኛውን ዕቃ ስም ከስድስተኛው ዕቃ ብዛት ጋር ሊያገናኝ ይችላል። ስህተቱ መድረሱ የሚታወቀው ከላይ ያሉት ረድፎች ትክክል ሆነው ሳለ ከመካከል ጀምሮ ቁጥሮች በአንድ ረድፍ ዝቅ ወይም ከፍ ሲሉ ነው።

ማዘንበሉን በዓይን ግምት ከመፍረድ ይልቅ በቁጥር ማየት ይሻላል። ፒዲኤፉን በ300 ዲፒአይ ወደ ምስል ፋይል ለውጠው፣ ወይም ወረቀቱ ካለ በዚሁ ጥራት ስካን አድርገው፣ ምስሉን በ`Paint` ይክፈቱትና ጠቋሚውን በርዕሱ መስመር ግራ ጫፍ፣ ቀጥሎም በቀኝ ጫፍ ላይ ያሳርፉ፤ ከመስኮቱ ግርጌ ከሚታዩት ሁለት ቁጥሮች ሁለተኛው ከፍታውን ያመለክታል። በዚህ ጥራት የአንድ ዲግሪ መዝመም 35 ፒክስል ያህል ልዩነት ያሳያል፤ ልዩነቱ ከአምስት ፒክስል በታች እስኪሆን ምስሉን ማቅናት ተገቢ ነው። በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ ከሆነ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት፤ ከላይ ጠባብ ከታች ሰፊ ሆኖ ስለሚወጣ ማዞር ብቻውን አያቀናውም። ከተቻለ ዋናውን ወረቀት አስመጥቶ እንደገና ስካን ማድረግ ከብዙ ድካም ያድናል።

ከማንበቢያው የወጣውን ፋይል እንደ ሠንጠረዥ መቀበል

ብዙ ማንበቢያዎች የገጹን መልክ ለመጠበቅ ሲሉ እያንዳንዱን ቁራጭ ጽሑፍ በተንሳፋፊ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ወይም ቃላቱን በታብ አራርቀው መስመሮቹን እንደ ሥዕል ይለጥፏቸዋል። ውጤቱ በስክሪን ላይ ሲታይ ዋናውን እጅግ ይመስላል። ተጫራቹ የመጀመሪያውን ዋጋ ሲጽፍ ግን ጽሑፉ ይገፋና መስመሮቹ ባሉበት ይቀራሉ።

ይህን ለመለየት ደቂቃ አይፈጅም። በአንድ ቁጥር ላይ ጠቅ ያድርጉ፤ ከላይ በሪባኑ ላይ የሠንጠረዥ `Layout` ካልመጣ በእጅዎ ያለው ሠንጠረዥ አይደለም። `Ctrl+Shift+8` ሲጫኑ ደግሞ የተደበቁ ምልክቶች ይገለጣሉ፤ በዓምዶቹ መካከል ቀስቶች ከታዩ ዓምዶቹ የተሠሩት በታብ ነው። እንዲህ ያለውን ፋይል ለመጠገን መሞከር ከአዲስ ሥራ የበለጠ ጊዜ ይበላል። ጽሑፉን ብቻ ይውሰዱና አዲስ ሠንጠረዥ ያስገቡ፤ ሲለጥፉም `Keep Text Only` የሚለውን ይምረጡ፤ አለበለዚያ ከሌላው ፋይል የመጣው አንቀጽ ከበታቹ ያለውን ክፍተት ይዞ ይገባና ረድፎቹን ያሳብጣቸዋል።

የዓምዱን ስፋት በዓይን ግምት ማስተካከል

ከሁሉም በላይ ሥራ የሚያበላሸው ይህ ነው ብዬ ስለማምን በሰፊው እመለከተዋለሁ። ስካን የተደረገ ምስል ልኬቱን በውስጡ ይዟል። በ300 ዲፒአይ አንድ ሴንቲ ሜትር ከ118 ፒክስል ጋር እኩል ስለሆነ፣ የሁለት ቋሚ መስመሮችን ቦታ በ`Paint` አንብቦ ልዩነቱን ለ118 ማካፈል የዓምዱን ስፋት ይሰጣል። በያዝነው ሠንጠረዥ የዕቃው ዝርዝር ዓምድ ግራ መስመር በ378 ፒክስል፣ ቀኝ መስመሩ በ1181 ፒክስል ላይ ቢገኝ፣ ልዩነቱ 803 ይሆናል፤ ለ118 ሲካፈል 6.8 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። በዚሁ መንገድ ሌሎቹ 1.2፣ 1.8፣ 1.8፣ 2.6 እና 2.8 ሆነው ከተገኙ ድምሩ 17 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከኤ4 ወረቀት 21 ሴንቲ ሜትር ሲቀነስም ለግራና ለቀኝ ኅዳግ ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ይቀራል። ድምሩ እንዲህ ከወረቀቱ ጋር መታረቁ የልኬቱ ማረጋገጫ ነው። የማይታረቅ ከሆነ ፋይሉ በመካከል ተቆርጦ ወይም ጥራቱ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ በዚያን ጊዜ የወረቀቱ ሁለት ጠርዞች የሚታዩበትን ምስል ፈልጎ፣ በመካከላቸው ያለውን ፒክስል ለ21 በማካፈል ትክክለኛውን መጠን ማግኘት ይገባል።

ቁጥሮቹ ከተገኙ በኋላ አስቀድሞ የዎርዱ ገጽ ኤ4 መሆኑን ያረጋግጡ፤ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ አዲስ ፋይል በሌተር መጠን ይከፈታል፤ ያም በስፋት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይበልጣል። ከዚያ ባለ ስድስት ዓምድ ሠንጠረዥ ያስገቡና በ`Layout` ውስጥ `AutoFit` ከሚለው `Fixed Column Width` ይምረጡ። ይህ ካልተደረገ ዎርድ ረጅም ቃል ሲገባ ዓምዱን በራሱ ያሰፋዋል፤ የተለካውም ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ቀጥሎ በእያንዳንዱ ዓምድ ውስጥ ጠቋሚውን ብቻ አሳርፈው በ`Width` ሣጥን ውስጥ ቁጥሩን ከመለኪያው ጋር ይጻፉ፤ `6.8 cm` ብለው ቢጽፉ ኮምፒውተሩ በኢንች የተቀናበረ ቢሆን እንኳ ዎርድ ለውጦ ይቀበለዋል።

መስመርን በማውስ መጎተት የሚያመጣው ችግርም በዚሁ ክፍል ይጠቀሳል። አንድ ሴል ተመርጦ ሳለ መስመሩ ከተጎተተ የሚንቀሳቀሰው የዚያ ሴል መስመር ብቻ ነው፤ የቀረው ዓምድ ባለበት ስለሚቆይ ቋሚው መስመር ይሰበራል። ስብራቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ከሆነ በስክሪን ላይ ሳይታይ ያልፍና ሲታተም ይጋለጣል።

ልኬቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ጽሑፉ በዋናው ላይ በአንድ መስመር ያለቀው እዚህ ወደ ሁለት መስመር ሊወርድ ይችላል። ዎርድ በሴሉ ግራና ቀኝ 0.19 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ስለሚተው ከ6.8 ሴንቲ ሜትር ለጽሑፍ የሚቀረው 6.42 ብቻ ነው። የፊደሉ ዓይነትም ይወስናል፤ ኒያላና ኤብሪማ በተመሳሳይ መጠን ቢጻፉ እኩል ስፋት አይወስዱም። መፍትሔው ዓምዱን ማስፋት ሳይሆን ፊደሉን ከዋናው ጋር ማቀራረብ ወይም የሴሉን ውስጣዊ ክፍተት መቀነስ ነው።

ቁጥርን በባዶ ቦታ ማሰለፍ

በብዛት ዓምድ ውስጥ 240፣ 12.5 እና 1,150.75 ተከታትለው ቢመጡ፣ ነጥቦቻቸው በአንድ ቀጥታ ላይ እንዲውሉ ስፔስ እየተጫኑ መግፋት የተለመደ ስህተት ነው። ፊደሉ ወይም መጠኑ በተቀየረ ቅጽበት አሰላለፉ ይፈርሳል። ወደ ቀኝ ማስጠጋትም የሚበቃው ሁሉም ቁጥሮች እኩል የአሥርዮሽ አሃዝ ሲኖራቸው ነው፤ የዋጋ ዓምዶች ሁልጊዜ ሁለት የሳንቲም አሃዝ ከተጻፈባቸው ለእነርሱ ይህ ይበቃል። ለብዛት ዓምድ ግን ሴሎቹን መርጠው ወደ ግራ ካስጠጉ በኋላ በ`Paragraph` መስኮት ውስጥ `Tabs` ከፍተው በ`0.9 cm` ላይ `Decimal` ያስቀምጡ። በሠንጠረዥ ውስጥ ይህ ታብ ቁልፍ ሳይጫኑ በራሱ ይሠራል፤ ነጥብ የሌለው 240ም ነጥብ እንዳለው ሆኖ ቦታውን ይይዛል። የ0.9 መነሻም ግልጽ ነው፤ በ10 ፖይንት የፊደል መጠን «1,150» ወደ 0.8 ሴንቲ ሜትር ስለሚወስድ ከነጥቡ በፊትም በኋላም በቂ ቦታ ይቀራል።

የስክሪን መስመርን ከሚታተም መስመር ጋር ማምታታት

`View Gridlines` ሲበራ የሚታዩት ነጠብጣብ መስመሮች ለሠሪው መሪ እንጂ የሚታተሙ አይደሉም። መስመሮቹ በ`Borders` መሰጠት አለባቸው፤ ውፍረታቸውም ከምስሉ ይነበባል፤ በ300 ዲፒአይ የሁለት ፒክስል መስመር ½ ፖይንት፣ የስድስት ፒክስል ደግሞ 1½ ፖይንት ያህል ነው። በ`Shapes` የተሳለ መስመር ረድፍ ሲጨመር አብሮ አይሄድም፤ ስለዚህ ፈጽሞ አይጠቀሙበት።

«ዋጋ በብር» የሚለውን የጋራ ርዕስ ለመሥራት ሁለቱን ሴሎች በ`Merge Cells` ማዋሐድ ይገባል፤ ይህ ግን የሁሉም ዓምዶች ስፋት ከተሰጠ በኋላ ይሁን። አስቀድሞ ከተዋሐደ የዓምድ ስፋት ሲሰጥ የትኛው ሴል እንደሚከተል መቆጣጠር ያዳግታል። ሠንጠረዡ ወደ ሁለተኛ ገጽ ከተሻገረም ሁለቱንም የርዕስ ረድፎች በአንድነት መርጠው `Repeat Header Rows` ያብሩ።

የረድፍን ቁመት በ`Exactly` መቆለፍ

ቁመቱን ለመጠበቅ የሚመች ይመስላል፤ ነገር ግን የግእዝ ፊደል ቁመት ስለሚፈልግ የፊደሎቹ ራስ ወይም እግር ይቆረጣል፤ ተጫራቹ የሚጽፈው ሁለተኛ መስመርም ጭራሽ አይታይም። የተለካውን ቁመት በ`At least` መስጠት ሁለቱንም ያስታርቃል።

ሳያትሙ ማስረከብ

በማተሚያው መስኮት ላይ መጠኑን 100 በመቶ አድርገው አንድ ገጽ ያትሙ፤ ገጹን ከወረቀቱ ጋር የሚያስማማው አማራጭ ሳይታወቅ ገጹን ስለሚያሳንስ ይጥፋ። ከዚያ የታተመውን በዋናው ላይ ደርበው ወደ መስኮት ብርሃን ያቅርቡት። ቋሚ መስመሮቹ ሁሉ በእኩል መጠን ወደ አንድ ጎን ከሸሹ ስህተቱ ኅዳጉ ላይ ነው። ሽሽቱ ከግራ ወደ ቀኝ እየጨመረ ከሄደ የማተሚያው መጠን ወይም የልኬቱ ጥራት ተዛብቷል። አንድ መስመር ብቻ ከወጣና ሌሎቹ ከተገጣጠሙ ደግሞ የዚያን መስመር ግራና ቀኝ ዓምዶች እንደገና ለክተው ያርሙ፤ ሌላውን አይንኩት።