ልጁ 5 ይዞ ሲመጣ፦ የጣሊያን ፓጄላ ችግርና መፍትሄ

ችግር፦ ጃንዋሪ ላይ «ደህና ነው» ያልነው ካርድ ጁን ላይ ጉድ ያመጣል

ሮም የምትኖር አንዲት እናት የልጇን የመጀመሪያ መንፈቅ ፓጄላ አሳየችኝ። ፓጄላ ማለት እኛ ካርድ የምንለው ነው። ልጁ ሱፔሪዮሬ 2ኛ ዓመት ነው፤ ሱፔሪዮሬ ከሜዲያ፣ ማለትም ከመካከለኛው ደረጃ ቀጥሎ ያለው የ5 ዓመት ትምህርት ነው። ጣሊያንኛ 5፣ ሒሳብ 4፣ ታሪክ 6፣ እንግሊዝኛ 7፣ ኮምፖርታሜንቶ 9።

«የወደቀው ሒሳብ ብቻ ነው፤ እሱም ለጥቂት ነው» አለችኝ። ከዚያ ደረጃውን ፈለገች። ስንተኛ ወጣ?

ምክንያት፦ ካርዱን በአገር ቤት ዓይን ማንበብ

አገር ቤት 50 ከመቶ ያመጣ አልፏል። እዚህ ነጥቡ ከ10 ነው፤ ማለፊያው ግን 6። ስለዚህ 5 ወድቋል። ጣሊያኖች ከ6 በታች ያለውን ሁሉ ኢንሱፊቼንጻ ይሉታል። 4 ደግሞ ለጥቂት የሳተ ልጅ ነጥብ አይደለም፤ ክፍተቱ ሰፊ ነው ማለት ነው። 7 እና 8 ጥሩ ናቸው። «ለምን 10 አላመጣህም?» ብሎ ልጅን መቆጣት ተገቢ አይመስለኝም፤ በሱፔሪዮሬ 9 እና 10 እንደ ልብ አይሰጡም።

ደረጃ የሚባል ነገር ፓጄላ ላይ የለም። አንደኛ፣ ሁለተኛ ተብሎ አይጻፍም።

እናትየውን ያጽናናት 9ኙ ነበር። ኮምፖርታሜንቶ ግን የትምህርት ዓይነት አይደለም፤ ጠባይ ነው። ብዙ ተማሪ 8 ወይም 9 ያገኝበታል። ከ6 በታች ከሆነ ግን ሌላው ሁሉ 8 ቢሆንም ልጁ ክፍሉን ይደግማል።

ስማቸው የሚያሳስት ትምህርቶችም አሉ። ሺየንጼ ሳይንስ ነው፤ ሺየንጼ ሞቶሪዬ ግን ስፖርት ነው። ኤዱካጺዮኔ ቺቪካ የሥነ ዜጋ ትምህርት ሲሆን የራሱ ነጥብ አለው። ሬሊጆኔ ላይ ቁጥር ሳይሆን ቃል ይጻፋል፤ አማካይ ውስጥም አይገባም። ትምህርቱ የካቶሊክ ሃይማኖት ነው፤ ልጁ ይማር አይማር የሚወሰነው ምዝገባ ላይ ነው።

መፍትሄ፦ ከ6 በታች ያለውን ሁሉ አክብቡ

እስክሪብቶ ይዘን የልጁን ካርድ እንደገና አነበብነው። ሁለት ክብ ወጣ፤ ጣሊያንኛና ሒሳብ። እናትየው ከሁለቱ መምህራን ጋር ኮሎኩዮ፣ ማለትም የወላጅና የመምህር ቀጠሮ ያዘች። እዚያ የሚጠየቀው ጥያቄ «ልጄ እንዴት ነው?» ሳይሆን «የትኛው ምዕራፍ ላይ ነው የወደቀው? የማካካሻ ትምህርት መቼ አለ?» ነው። ማካካሻው ኮርሶ ዲ ረኩፔሮ ይባላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ካርዱ የሚወጣው ረጂስትሮ ኤሌትሮኒኮ በሚባለው የትምህርት ቤቱ ገጽ ላይ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ መግቢያው ያለው በልጁ ስልክ ብቻ ነው። ሰግረተሪያ፣ ማለትም የትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የወላጅ መግቢያ ጠይቁ። ውጤትንም መቅረትንም ራሳችሁ ማየት አለባችሁ። በሜዲያና በሱፔሪዮሬ ልጁ በዓመቱ ካለው ክፍለ ጊዜ ቢያንስ ሦስት አራተኛውን መገኘት ግዴታው ነው።

ችግር፦ ጁን ላይ «አልፏል»ም «ወድቋል»ም አይልም

ልጁ ጣሊያንኛን ወደ 6 አነሳ። ሒሳብ 5 ላይ ቀረ። ገጹ ላይ የወጣው ቃል ይህ ነበር፦ `Sospensione del giudizio`። እናትየው አልፏል ብላ ገመተች። ኦገስትን በሙሉ አዲስ አበባ ሊያሳልፉ ትኬት ቆርጠው ነበር።

ምክንያቱ ይህ ነው። ያለፈ ልጅ `Ammesso` ይባላል፤ የሚደግም `Non ammesso`። ሦስተኛው ቃል ግን «ውሳኔው ታግዷል» ማለት ነው። ልጁ በሒሳብ ዴቢቶ፣ ማለትም ዕዳ አለበት። ከእረፍቱ ማብቂያ በፊት ይፈተናል። ፈተናው ብዙ ጊዜ ኦገስት መጨረሻ አካባቢ ነው። ካላለፈ ሊደግም ይችላል።

መፍትሄው የፈተናውን ቀን ሳያረጋግጡ ትኬት አለመቁረጥ ነው። እነሱ መመለሻቸውን አሳጠሩ። ልጁ ጁላይን ሙሉ መምህሩ የሰጡትን የምዕራፍ ዝርዝር ይዞ ሠራ፤ ፈተናውንም አለፈ።

ይህ የሱፔሪዮሬ አሠራር ነው። በሜዲያ የኦገስት ፈተና የለም። መምህራኑ ተሰብስበው 5 ያለበትን ልጅ ሊያሳልፉትም ሊያስደግሙትም ይችላሉ።

ትንንሾቹ ልጆች

ፕሪማሪያ፣ ማለትም የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ካርድ ላይ ቁጥር የለም። ከ2024/25 የትምህርት ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የሚጻፉት ስድስት ቃላት ናቸው። ከላይ ወደ ታች ኦቲሞ፣ ዲስቲንቶ፣ ቡኦኖ፣ ዲስክሬቶ፣ ሱፊቼንቴ፣ ኖን ሱፊቼንቴ ይባላሉ። ቡኦኖ ቃሉ «ጥሩ» ስለሆነ ከፍተኛው ይመስላል፤ ግን ሦስተኛው ነው። ሱፊቼንቴ የማለፊያው ጠርዝ ነው። ልጃችሁ በጣሊያንኛ ንባብ ሱፊቼንቴ ካገኘ የሚቀጥለውን ካርድ አትጠብቁ፤ ያኔውኑ መምህሯን አነጋግሩ።