ሊጉ ተቋርጧል? ደረጃ ስታወጡ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ ሲሰረዝ ሻምፒዮን አልተባለም። ፋሲል ከነማ ዋንጫውን ያነሳው በቀጣዩ ዓመት ነው። መሰረዝ አንድ መንገድ ነው። እዚህ ጎንደር ግን የሰፈር ሊግ የምታስተዳድሩ ልጆች ብዙ ጊዜ የተጫወትነው ይቆጠርልን ትላላችሁ፣ እኔም እስማማለሁ። እንግዲያውስ ሒሳቡን በትክክል እንስራው።

ነጥብ ብቻ አይቶ ደረጃ መስጠት

ሁሉም እኩል ካልተጫወተ የነጥብ ድምር አያወዳድርም። ነጥቡን በተጫወቱት ጨዋታ ብዛት አካፍሉ። በ2020 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ሊግ ዋን ሲቋረጥ ፒተርቦሮ በ35 ጨዋታ 59 ነጥብ ይዞ 6ኛ ነበር፣ ዋይኮምብ ደግሞ በ34 ጨዋታ ያንኑ 59 ይዞ 8ኛ። ሲካፈል ዋይኮምብ ወደ 3ኛ ወጣ፣ ፒተርቦሮ ለማደግ ከሚደረገው ፕሌይ ኦፍ ውጪ ቀረ። ዋይኮምብ በዚያው ፕሌይ ኦፉን አሸንፎ ወደ ሻምፒዮንሺፕ አደገ። አንዲት ተስተካካይ ጨዋታ ይህን ሁሉ ቀየረች።

ቁጥሩን ቶሎ ማጠጋጋት

የዋይኮምብ አማካይ 1.735፣ የፒተርቦሮ 1.686 ነው። በአንድ አሃዝ ካጠጋጋችሁት ሁለቱም 1.7 ሆነው እኩል ይወጣሉ! ቢያንስ ሦስት አሃዝ ያዙ። ከተጠራጠራችሁ አታካፍሉ፣ የአንዱን ነጥብ በሌላው ጨዋታ ብዛት አባዙት፤ የዋይኮምብ 59 በፒተርቦሮ 35 ሲባዛ 2065 ነው፣ የፒተርቦሮ 59 በዋይኮምብ 34 ደግሞ 2006፣ ስለዚህ ዋይኮምብ ይበልጣል። አማካዩ በእውነት እኩል ከመጣ ወደ ጎል ልዩነት ትሄዳላችሁ፣ እሱም በጨዋታ ብዛት መካፈል አለበት።

የሜዳና ከሜዳ ውጪ ጨዋታን መርሳት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ስምንት ቡድን አለ እንበል፣ እያንዳንዱ በሜዳው 7፣ ከሜዳው ውጪ 7፣ በድምሩ 14 ጨዋታ ነበረው። አዘዞ በ11 ጨዋታ 22 ነጥብ አለው፣ ማራኪ በ9 ጨዋታ 19። ቀላሉን አማካይ ስትሰሩ አዘዞ 2.000፣ ማራኪ 2.111 ይሆናል። ዋንጫው የማራኪ ነው ማለት ነው?

ቆይ። ማራኪ ከዘጠኙ ስድስቱን የተጫወተው በሜዳው ነው፣ በራሱ ደጋፊ ፊት፣ እዚያም 16 ነጥብ ሰብስቧል፤ ከሜዳው ውጪ በሦስት ጨዋታ ያገኘው 3 ብቻ ነው። የቀሩት ጨዋታዎች አብዛኞቹ ከባዶቹ ናቸው። አዘዞ በሜዳው በ5 ጨዋታ 13፣ ከሜዳው ውጪ በ6 ጨዋታ 9 አግኝቷል። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ አካፍላችሁ እያንዳንዱን በ7 አባዙና ደምሩ። ማራኪ በሜዳው 18.67፣ ውጪ 7፣ በድምሩ 25.67። አዘዞ 18.2 እና 10.5፣ በድምሩ 28.7። አዘዞ አንደኛ ሆነ። የእንግሊዝ ራግቢም በ2020 የሜዳና የውጪ ጨዋታን እኩል ክብደት ሰጥቶ ነው ደረጃ ያወጣው።

ሁሉም ቡድን በአንድ ሜዳ የሚጫወት ከሆነ ግን ይህን ተዉት፣ ትርጉም የለውም። ከሜዳው ውጪ አንድ ወይም ሁለት ጨዋታ ብቻ ያደረገ ቡድን ካለም ተጠንቀቁ፣ አንድ ድል ብቻውን ቁጥሩን ያዛባዋል።

የቅጣት ነጥብን አብሮ ማባዛት

አንድ ቡድን ያልተመዘገበ ተጫዋች አሰልፎ 3 ነጥብ ተቀጣ እንበል። ተጫውቶ ያገኘው በ10 ጨዋታ 18 ነው። ከቀነሳችሁ በኋላ 15 ለ10 አካፍላችሁ በ14 ብታባዙ 21 ይሆናል፣ ቅጣቱም ሳታውቁት ከ3 ወደ 4.2 አደገ። መጀመሪያ 18ን አካፍሉ፣ በ14 አባዙ፣ 25.2 ይመጣል፣ ከዚያ 3 ቀንሱ፣ 22.2። ፍትሐዊው ይሄ ነው። በፎርፌ የተሰጠ ውጤት ግን እንደተጫወቱት ይቆጠራል፣ ደንባችሁ ሌላ ካላለ። መሃል ላይ ከሊጉ የወጣ ቡድን ካለ ደግሞ ከሱ ጋር የተደረጉትን ጨዋታዎች ከሁሉም ነጥብም ከጨዋታ ብዛትም አውጡ፣ አንዱን ብቻ አውጥቶ ሌላውን መተው ሒሳቡን ያበላሻል።

ለጠባብ ልዩነት ቡድን ማውረድ

በዚያው በ2020ው የእንግሊዝ ሊግ ዋን ትራንሜር በ34 ጨዋታ 32 ነጥብ ነበረው፣ ከሱ በላይ የነበረው ዊምብልደን በ35 ጨዋታ 35። ትራንሜር አንድ ተስተካካይ ጨዋታ አለው፣ ካሸነፈ በነጥብ ይደርስበታል፤ በአማካይ ግን 0.941 ለ1.000 ሆኖ ወረደ። አማካይ ማለት ቡድኑ እስካሁን በነበረው መንገድ ይቀጥላል ብሎ መገመት ነው። ለኔ በግምት ሰው ማውረድ ይከብደኛል። ከተቻለ የሚያድገውን አሳድጉ፣ የሚወርደውን ተዉና ለቀጣዩ ዓመት ሊጉን በአንድ ቡድን አስፉት።

ሰንጠረዡን አይቶ ቀመር መምረጥ

የአዘዞና የማራኪን ምሳሌ ተመልከቱ፤ ቀመሩ ሲቀየር ዋንጫው ይቀየራል። ሁለቱ ውጤቶች ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ድምጽ ከተሰጠ እያንዳንዱ ተወካይ ለራሱ ቡድን የሚበጀውን ነው የሚመርጠው። ቀመሩን ሊጉ ሳይጀመር በደንባችሁ ጻፉት፤ ስንት ጨዋታ ሲደረግ ደረጃ እንደሚጸድቅም አብራችሁ ጻፉ፣ ቢያንስ ሁሉም ከሁሉም ጋር አንድ ጊዜ ተጫውቶ። ካልጻፋችሁና ሊጉ ከተቋረጠ ደግሞ ማንም ካልኩሌተር ሳያወጣ መጀመሪያ በቀመሩ ላይ ፈርሙ።