ካውያው ከመቀዝቀዙ በፊት ምን አቃጥሎ ነበር?

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ካውያቸውን ይዘው መጡ። «አልሞቅ ብሎኛል፤ መብራቱም አይበራም» አሉኝ።

«እትዬ፣ ከመጥፋቱ በፊት ልብስ አቃጥሎብዎት ነበር?»

«ነጠላዬን አበላሸብኝ እንጂ! ያውም ዝቅተኛው ላይ አድርጌው።»

ይህን ስሰማ ብልሽቱ ቴርሞስታቱ ላይ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ጠረጠርኩ። ብዙ ሰው «አልሞቅ አለ» እና «ከመጠን በላይ ጋለ» ሁለት የተለያዩ ችግሮች ይመስሉታል። ብዙ ጊዜ ግን አንዱ ሌላውን ያመጣዋል።

በካውያ ውስጥ ኤሌክትሪክ በተራ የሚያልፍባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ቴርሞስታቱ ነው። ሲሞቅ የሚጎብጥ ስስ የብረት ምላስ አለው፤ ሲጎብጥ ኮንታክቱን ያላቅቃል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ያገናኛል። «ቀጭ» የሚለው ድምፅ የእሱ ነው። ሁለተኛው የሙቀት ፊውዝ ነው። ቴርሞስታቱ ማቋረጥ ካቃተው ፊውዙ ይቀልጥና መስመሩን ለዘለቄታው ይቆርጠዋል። ሦስተኛው ራሱ የሚግለው ሬዚስታንስ ነው። ትንሿ መብራት በአብዛኛው ከሬዚስታንሱ ጋር ጎን ለጎን ስለምትገናኝ፣ እሱ ጋ ኤሌክትሪክ መድረስ አለመድረሱን ታሳያለች።

እንግዲህ መብራቷ በርታ ካውያው ከቀዘቀዘ ጥርጣሬው ሬዚስታንሱ ላይ ነው። እሱ ደግሞ ከታችኛው ብረት ጋር አብሮ የተቀረፀ ስለሆነ ከተቆረጠ አይጠገንም፤ አዲስ ካውያ መግዛት ይሻላል። መብራቷም ካልበራች ችግሩ ከሬዚስታንሱ በፊት ነው፦ ሶኬቱ፣ ገመዱ፣ ቴርሞስታቱ ወይም ፊውዙ።

የጎረቤቴን ካውያ ከሶኬት ነቅዬ፣ መቀዝቀዙን አረጋግጬ በካቻቪቴ ከፈትኩት። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጌ መጀመሪያ ገመዱን ለካሁ። ገመድ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው ካውያው ውስጥ በሚገባበት፣ ሁልጊዜ በሚታጠፍበት ቦታ ነው። ስለዚህ እየለካሁ እዚያ ጋ አወዛወዝኩት። ደህና ነው። ቀጥሎ ሬዚስታንሱን ለካሁ። ካውያው 1200 ዋት ነው። 220ን በ220 አባዝቶ ለ1200 ማካፈል ወደ 40 ኦም ይሰጣል፤ ቴስተሩም 41 አነበበ። ጤነኛ ነው። ፊውዙ ግን ምንም አላነበበም። ተቆርጧል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ፊውዙን ለውጦ፣ አንዳንዴም በሽቦ አገናኝቶ ይዘጋዋል። ካውያው ይሞቃል፤ ሥራው ያለቀ ይመስላል። በሽቦ ከተገናኘ ግን ከዚያ በኋላ የሚያቆመው ነገር የለም። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ፣ ቤት ያቃጥላል። ፊውዙ የተቆረጠበትን ምክንያት መጀመሪያ ፈልጉ።

ቴርሞስታቱን በመጥፊያው ቦታ ላይ አድርጌ ለካሁት። ኮንታክቱ መላቀቅ ነበረበት። ቴስተሩ ግን ዜሮ ኦም አነበበ፤ ማለትም እንደተገናኘ ነው። ቁልፉን ወዲያና ወዲህ ባዞረውም «ቀጭ» አይልም። ቀረብ ብዬ ሳየው ሁለቱ የኮንታክት ነጥቦች በእሳት ብልጭታ ብዛት ቀልጠው ተበያይደዋል። ነጠላውን ያቃጠለውም፣ በኋላ ካውያውን ያቀዘቀዘውም ይኸው ነው።

ነጥቦቹ ጠቁረው ብቻ ቢሆን ኖሮ በጣም ደቃቅ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት ይበቃ ነበር። የተበየደውን ግን በካቻቪቴ ማላቀቅ ዋጋ የለውም፤ ፊቱ ስለተቦረቦረ ተመልሶ ይጣበቃል። ስለዚህ ቴርሞስታቱንም ፊውዙንም ለወጥኩ። አዲሱ ፊውዝ በአሮጌው ላይ የተጻፈው ዲግሪና አምፔር ያለው መሆን አለበት። በመበየጃ አታያይዙት፤ የመበየጃው ሙቀት ራሱ ይቆርጠዋል። በማያያዣ ቆንጥጦ ማጥበቅ ነው።

ከመዝጋቴ በፊት ከስፒናው ሁለት እግሮች ወደ ታችኛው ብረት ለካሁ። ምንም ማንበብ የለበትም። ካነበበ ካውያው ሰው ይነዝራል፤ ሶኬት ላይ መሰካት የለበትም።

ካውያው ይሞቃል ግን ደካማ ነው ከተባለ ሬዚስታንሱን አትወንጅሉ። ሬዚስታንስ በአብዛኛው ወይ ይሠራል ወይ ይቆረጣል፤ ቀስ በቀስ አይደክምም። ማታ ማታ ብቻ ከሆነ ቮልቴጁን ለኩ። 220 የነበረው ወደ 180 ሲወርድ 1200 ዋቱ ወደ 800 ይወርዳል። ቮልቴጁ ደህና ሆኖ ቴርሞስታቱ ቶሎ የሚያቋርጥ ከሆነ ግን ማስተካከያው ተዛብቷል።

ሽቦው ክፍት የሆነ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይም አንድ ነገር ልብ በሉ። የተበጠሰውን ሽቦ ስበው የሚቋጥሩ አሉ። የተቃጠለው ጫፍ ተቆርጦ ሲወጣ ሽቦው ያጥራል፤ ሲያጥር ኦሙ ይቀንሳል፣ ምድጃው ከበፊቱ የበለጠ ይግላል። ቋጠሮው ራሱም በደንብ ስለማይገናኝ ለብቻው ይግላል። በዚህ የተነሳ ቶሎ እዚያው ቦታ ላይ ይበጠሳል። ሙሉ ሽቦውን በተመሳሳይ ዋት መቀየር ይሻላል።

የጎረቤቴን ካውያ ሰክቼ መሃል ላይ አደረግኩት። መብራቷ በራች፤ ትንሽ ቆይቶ «ቀጭ» ብሎ ጠፋች፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መልሳ በራች። ሦስት ጊዜ እስኪደጋግም ጠብቄ ወሰድኩላቸው።