ፊደሉ ማይነግረንን ድምፅ በሚኒማል ፔር እንዴት ማግኘት ይቻላል

አንድ ሰው በቴሌግራም "ገና ነው" ብሎ ቢጽፍላችሁ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፣ ወይ ሰዓቱ አልደረሰም ማለቱ ነው ወይ ደግሞ የገና በዓል ነው ማለቱ ነው። ቮይስ ቢልክላችሁ ግን ግራ አትጋቡም፣ ና ላልታ ከተሰማች አልደረሰም፣ ጠብቃ ከተሰማች በዓሉ ነው። ሁለቱ ቃላት ሌላው ድምፃቸው በሙሉ አንድ ነው፣ ሚለያዩት አንድ ቦታ ላይ በአንድ ነገር ብቻ ነው ትርጉማቸው ግን አይገናኝም። እንደዚ አይነቱን ጥንድ የቋንቋ ባለሙያዎች ሚኒማል ፔር ይሉታል። ሀሳቡን መልክ ካስያዙት መሀል የፕራግ የቋንቋ ጥናት ክበብ አባል የነበሩት እነ ኒኮላይ ትሩቤትስኮይ አሉ (የሱ ዋና መጽሐፍ የወጣው እሱ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1939 ነው) እና መመሪያው አጭር ነው፦ ሁለት ድምፆችን አንድ ቦታ ላይ አቀያይራቸው፣ ትርጉም ከተቀየረ ቋንቋው ሁለቱን ለየብቻ ይቆጥራቸዋል።

ታዲያ ፊደሉን አይቶ መጨረስ አይቻልም ወይ? አይቻልም፣ ምክንያቱም የኛ ፊደል በሁለት በኩል ያታልላል። ሀ ሐ ኀ ብሎ ሶስት ቦታ ሚጽፈውን አማርኛ ተናጋሪ አንድ አድርጎ ነው ሚያወራው፣ በሌላ በኩል ደግሞ ጥብቀትን ጭራሽ አያሳይም። ስለዚ ስራው በጆሮ ነው ሚሰራው።

መጀመሪያ ምትጠረጥሩትን አንድ ነገር ብቻ ምረጡ። እኛ ጥብቀትን እንያዝ፣ ጥያቄው "አማርኛ ላላውንና ጠበቁን እንደተለያየ ይቆጥራል ወይ" ነው። ከዛ ጥንዶች ሰብስቡ፣ ገና እና ገና፣ ዋና (ውሃ ውስጥ ሚዋኘው) እና ዋና (ዋናው መስሪያ ቤት ሚባለው)፣ አለ (ተናገረ) እና አለ (ይገኛል)፣ ለጋ (ለጋ ቅቤ) እና ለጋ (ኳሱን ለጋው)። አንድ ጥንድ ብቻ አይበቃም ባይባልም ሶስት አራት ካላችሁ ያ አንዱ ቃል የተለየ ጠባይ ይኖረው ይሆን ከሚል ጭንቀት ትገላገላላችሁ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ሚሳሳተው ጥንዱን በፊደል አይቶ መምረጡ ነው። ለምሳሌ የ"ጠ" እና የ"ተ"ን ልዩነት ፈልጋችሁ "ጠራ" እና "ተራ"ን ብትይዙ ወረቀት ላይ በጣም ያምራል፣ ግን ጮክ ብላችሁ በሏቸው፣ "ጠራ" ላይ ረ ትጠብቃለች "ተራ" ላይ ትላላለች። ልዩነቱ ሁለት ሆነ ማለት ነው፣ እና ሰሚው ቃሉን የለየው በጠ ይሁን በረ አታውቁም። ስለዚ ለራሳችሁ ማስታወሻ ጠበቁን ድምፅ ሁለት ጊዜ ጻፉት፣ "ገንና"፣ "ጠርራ"፣ "ዋንና" እያላችሁ፣ ያስቃል ግን ስህተቱ ወዲያው ይታያል። በዚህ አጻጻፍ "ከዳ" እና "ቀዳ" ንጹህ ጥንድ ናቸው፣ ሁለቱም ላይ ደ ይጠብቃል ሚለየው ከ እና ቀ ብቻ ነው። "ዳር" እና "ጣር"ም እንደዛው።

ቀጥሎ ፈተናው ነው። ተናጋሪውን "እነዚህ ይለያያሉ?" ብላችሁ አትጠይቁት፣ ፊደል የቆጠረ ሰው ሚመልስላችሁ በጆሮው ሳይሆን በአይኑ ነው። "ሰረቀ" ሌባው እና "ሠረቀ" ፀሐይዋ ይለያያሉ ብሎ ሚምል አታጡም። ከዛ ይልቅ 20 ካርድ አዘጋጁ፣ አስሩ ላይ "አልደረሰም" አስሩ ላይ "በዓሉ" ብላችሁ ጻፉና በውዙት፣ ተናጋሪው በካርዱ ትርጉም "ገና ነው" እያለ በስልክ ይቀዳ። አረፍተ ነገሩ ሁሌ ያው መሆን አለበት፣ "ገና ዶሮ አልገዛንም" ካለ ሰሚው ከዶሮው ነው ሚገምተው። መሀል መሀል ላይ ከፈተናው ጋር ማይገናኙ ቃላት አስገቡ፣ አለዚያ ተናጋሪው ምን እንደፈለጋችሁ ይነቃና ናን እንደ ላስቲክ ይለጥጣታል፣ ያ ደግሞ የሱ ቲያትር እንጂ ቋንቋው አይደለም።

ቅጂውን ካርዶቹን ላላየ ሌላ ሰው አሰሙት፣ እያንዳንዱን ሰምቶ ከሁለቱ ትርጉም አንዱን ይምረጥ። ዝም ብሎ ሚገምት ሰው ከ20 ወደ 10 ያገኛል፣ በግምት ብቻ 15 እና ከዛ በላይ ማግኘት ከመቶ ሰው ለሁለቱ ገደማ ብቻ ሚሆን እድል ነው። በ"ገና" ላይ አማርኛ አፉን የፈታ ሰው ሊሳሳት ማይችል ያህል ነው። ያንኑ ፈተና በ"ሰረቀ" እና "ሠረቀ" ብትሰሩት ወደ 10 ይወርዳል፣ እዛ ላይ ሁለት ፊደል እንጂ ሁለት ድምፅ የለም። በጣም ሚገርመኝ "ድህነት" እና "ድኅነት" ናቸው፣ ሰው ልዩነቱን ሃ ላይ ይፈልጋል ጆሮ ግን ሚሰማው ን ላይ ነው፣ የማጣቱ ድህነት ን ይጠብቃል የመዳኑ ይላላል። ማለትም ፊደሉ ልዩነቱን ያስቀመጠው አሁን በድምፅ ከሌለበት ቦታ ላይ ነው።

ቅጂውን በአይን ማየት ከፈለጋችሁ Praat ሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ድምፁን ከፍታችሁ ን የጀመረበትንና ያለቀበትን ምልክት አድርጋችሁ ርዝመቱን ታነባላችሁ፣ ጠበቁ ከላላው በግልፅ ይረዝማል። ልኬቱ ግን ድምፆቹ እንዴት እንደሚለያዩ ነው ሚነግራችሁ፣ ቋንቋው እንደሚለያቸው የነገረን የሰሚው መልስ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር፣ ጥንድ ፈልጋችሁ ብታጡስ? ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። "በሬ" በሉና ከንፈራችሁን ተመልከቱ፣ ግጥም ይላል። "አበባ" ስትሉ ግን በፍጥነት ከሆነ ከንፈር ሙሉ በሙሉ አይገጥምም አየር ያልፋል፣ ድምፁ ሌላ ነው። ጥንድ ግን የትም አታገኙም፣ ምክንያቱም ክፍቱ ሚመጣው በላላ ብ ላይ በአናባቢዎች መሀል ነው፣ ቃል መጀመሪያ ላይ ደግሞ ዝጉ ነው፣ ቦታ ተከፋፍለዋል። አበባን ከንፈር ገጥማችሁ ብትሉት ትርጉሙ አይቀየርም። ይሄ አንድ ድምፅ በሁለት መልክ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ድምፁ ብርቅ መሆኑ ነው። ጰ ከነ "ጳጳስ" "ጴጥሮስ" "ጠረጴዛ" ጋር በውሰት የገባ ነው፣ ፐም እንደዛው፣ ስለዚ ንጹህ ጥንድ ማግኘት ያስቸግራል። እንደዛ ሲሆን ለጥንድ ሚቀርብ ነገር ይወሰዳል፣ "ጳጳስ" እና "ፓስታ" ላይ ሁለቱም ቃል ይጀምራሉ ሁለቱም ተከትሏቸው ያው አናባቢ ይመጣል፣ ቦታ አልተከፋፈሉም፣ ስለዚ አንዱን የሌላው መልክ ነው ማለት አይቻልም።

እና ደሞ ፈተናውን ሁሌ በአንድ አካባቢ ሰው ላይ ለየብቻ ስሩ። "ጸጉር" ሚል አለ "ጠጉር" ሚል አለ፣ ትርጉሙ ያው ነው፣ ይሄን ብቻ ያየ ሰው ጸ እና ጠ አንድ ናቸው ብሎ ሊደመድም ይችላል። ግን ጸጉር ሚለውን ያንኑ ሰው "ጠና ያለ ሰው" እና "ጸና ያለ ሰው" በሉለት፣ አንዱ እድሜው የገፋ ነው ሌላው አቋሙን ማይለቅ። ለዚህ ሰው ሁለቱ የተለያዩ ድምፆች ናቸው፣ ጸጉርና ጠጉር ደግሞ አንድ ቃል በሁለት አባባል።