ውጭ አገር «ማኪያቶ» ከማዘዝዎ በፊት

የአዲስ አበባን ማኪያቶ የለመደ ሰው ሮም ውስጥ «ማኪያቶ» ብሎ ሲያዝ የሚቀርብለት ነገር ሊያስደነግጠው ይችላል። ቃሉ በጣሊያንኛ «ጠብታ ያረፈበት» እንደማለት ነው። ስለዚህ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ኤስፕሬሶ ላይ አንድ ማንኪያ የወተት አረፋ ጣል ተደርጎበት ይመጣል፤ ሁለቴ ፉት ሲሉት ያልቃል፣ መራራም ነው።

ከእኛው ማኪያቶ ጋር ይበልጥ የሚመሳሰለው ኮርታዶ ነው። በስፔንኛ «የተቆረጠ» ማለት ሲሆን፣ የኤስፕሬሶውን ኃይል የሚቆርጠው እኩል መጠን ያለው ሙቅ ወተት ነው። አረፋው ግን እምብዛም ስለሆነ ከላይ ወፍራሙን ነጭ አይጠብቁ።

ወተት በዛ እንዲል ከፈለጉ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ «የእኔ ነው» የሚባባሉበትን ፍላት ዋይት ይዘዙ። ብዙውን ጊዜ ድርብ ኤስፕሬሶ ስለሚገባበት የቡናው ጣዕም በወተቱ አይዋጥም፤ አረፋውም ስስና ለስላሳ ነው እንጂ እንደ ካፑቺኖ አይቆለልም።

አሜሪካኖ ኤስፕሬሶ በሙቅ ውሃ ሲቀጥን ነው፤ ወተት የለውም። የጀበና ቡና ናፍቆትዎን ግን አያስታግስም።

አንዳንድ ትልልቅ ካፌዎች ደግሞ ሽሮፕ የገባበትን አንድ ብርጭቆ ሙሉ ወተት «ማኪያቶ» ይሉታል። ስለዚህ ከማዘዝዎ በፊት ስኒውን አሳዩኝ ይበሉ።