የኢሜይል ርዕስ ፈተና ውጤት ሲያሳስት፦ ችግርና መፍትሄ

ደብረ ማርቆስ ላለ አንድ የሒሳብ አያያዝ ማሠልጠኛ ኢሜይል የማዘጋጀው እኔ ነኝ። በመዝገባችን 1,000 አድራሻዎች አሉ፤ አብዛኞቹ በከተማው፣ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በባሕር ዳር የሚሠሩ የሒሳብ ሠራተኞች ናቸው። ለአንድ ዙር ምዝገባ ሁለት ርዕሶችን አዘጋጀሁ። ርዕስ ሀ «የሒሳብ አያያዝ ሥልጠና ምዝገባ ተጀምሯል» ይላል፤ ርዕስ ለ ደግሞ «ምዝገባው ጥቅምት 20 ያበቃል» ይላል። እያንዳንዱን ለ100 ሰዎች ላክሁና የተሻለውን ለቀሩት 800 ለመላክ አሰብሁ። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች ከዚያ ሥራና ከእርሱ በኋላ ከመጡት የተገኙ ናቸው።

ችግር፦ በፈተናው ያሸነፈው ርዕስ ለሁሉም ሲላክ ብልጫው ይጠፋል

ርዕስ ሀን ከ100 ሰዎች 20ዎቹ፣ ርዕስ ለን 27ቱ ከፈቱት። ሰባት ሰው ትልቅ ልዩነት መስሎ ስለታየኝ ርዕስ ለን ለ800ዎቹ ላክሁ፤ የከፈቱት ግን 21 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ ይኸውም ርዕስ ሀ በፈተናው ካገኘው እምብዛም የማይለይ ነው።

መንስኤው የናሙናው ማነስ ነው። ከ100 ሰዎች ስንቱ እንደሚከፍት የሚወስነው ርዕሱ ብቻ ሳይሆን ዕጣም ጭምር ነው፤ በዚያ ጠዋት ማን መብራት ነበረው፣ ማን ስብሰባ ላይ ነበር፣ የትኛው ቡድን ውስጥስ ደረሰው የሚለው ሁሉ ቁጥሩን ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። በዚህ መጠን ናሙና፣ በሁለቱ ርዕሶች መካከል ምንም ልዩነት ባይኖር እንኳ፣ የሰባት ሰው ወይም ከዚያ የሚበልጥ ክፍተት ከአራት ጊዜ አንድ ጊዜ ያህል በአጋጣሚ ብቻ ይፈጠራል። ይህንን በዓይን ለማየት የሚፈልግ ሰው አንዱን ርዕስ ለሁለት የተለያዩ መቶ ሰዎች ይላክና የከፈቱትን ያወዳድር፤ ርዕሱ አንድ ሆኖ ሳለ ቁጥሮቹ አይገጥሙም።

መፍትሄው የሚያስፈልገውን የናሙና መጠን ከመላክ በፊት ማስላት ነው። ለዚህም ሁለት ነገሮችን ማወቅ ይበቃል፤ አንደኛው በተለምዶ ከሰዎቹ ምን ያህሉ እንደሚከፍቱ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ሊያመልጠን የማንፈልገው ትንሹ ልዩነት ነው። የመጀመሪያውን p፣ ሁለተኛውን d ብለን ብንሰይም በየቡድኑ የሚያስፈልገው የሰው ቁጥር በግምት የሚከተለው ነው።

```
n = 16 × p × (1 − p) ÷ d²
```

16 የተባለው ቁጥር የሚመጣው ከሁለት የተለመዱ ምርጫዎች ነው፤ ልዩነት በሌለበት ልዩነት አለ ብለን የምንሳሳተው ከ100 ጊዜ 5 ጊዜ ብቻ እንዲሆን፣ በእውነት ያለውን ልዩነት ደግሞ ከ100 ጊዜ 80 ጊዜ እንድናገኘው ነው። በእኛ ሁኔታ 20 በመቶ ሰዎች ይከፍታሉ፤ በቀመሩ ውስጥ መቶኛው በአሥርዮሽ ስለሚገባ p 0.20 ነው፣ የ5 ነጥብ ልዩነትም 0.05 ተብሎ ይጻፋል። ከ20 ወደ 25 በመቶ የሚያሳድግ ርዕስን ለመለየት በየቡድኑ 1,024 ሰዎች ያስፈልጋሉ። ከ20 ወደ 22 ብቻ የሚያሳድገውን ለመለየት ግን በየቡድኑ 6,400 ሰዎች ይጠይቃል፤ d በራሱ ስለሚባዛ፣ የምንፈልገው ልዩነት በግማሽ ባነሰ ቁጥር የሚያስፈልገው ሰው አራት እጥፍ ይሆናልና።

እኛ 1,000 አድራሻ ብቻ ስላለን መዝገቡን በሙሉ ለሁለት ብንከፍለው እንኳ 500 በ500 ነው፤ በዚህም ልናምነው የምንችለው ትንሹ ልዩነት ከመቶ 7 ያህል ነጥብ ነው። ስለዚህ በ100 በ100 መሞከሩን ትቼ መዝገቡን በሙሉ ለሁለት መክፈል ጀመርሁ፤ የሚቀር ሰው ስለሌለ አሸናፊውን የምልክለት የለም፣ ትምህርቱ ግን ለሚቀጥለው መልእክት ይቀመጣል። ከዚያም አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ማለትም «የመዝጊያ ቀኑ በርዕሱ ላይ መግባት ይጠቅማል ወይ?» የሚለውን፣ በስድስት ተከታታይ መልእክቶች ላይ ደጋግሜ ጠየቅሁ፤ በየጊዜው ሰዎቹን እንደገና እየደባለቅሁ ከፈልሁና ውጤቱን ደመርሁ። በየወገኑ 3,000 መልእክት ሲሞላ የሚለየው ልዩነት ወደ 3 ነጥብ ይወርዳል። ለትንሽ መዝገብ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም፤ በየሳምንቱ አዲስ የርዕስ ሐሳብ መፈተን ደስ ቢልም በዚህ ቁጥር አንዱንም አያረጋግጥም።

ችግር፦ አንዱ ቡድን ምንም ርዕስ ቢላክለት ሁልጊዜ ይበልጣል

መንስኤው አከፋፈሉ ነው። የእኛ መዝገብ በተመዘገቡበት ቅደም ተከተል ስለተደረደረ የመጀመሪያዎቹ 500 የቆዩ ደንበኞች፣ የኋለኞቹ በቅርቡ የመጡ ናቸው፤ አዲስ የመጣ ሰው ደግሞ የበለጠ ይከፍታል። ጤፍ ገዢ ከጆንያው አፍ ብቻ ዘግኖ አይረካም፤ እጁን ወደ ታች ሰዶ ከመሐልም ከሥርም ያወጣል። መፍትሄውም ዕጣ ነው። በኤክሴል ከአድራሻዎቹ አጠገብ ባለው ባዶ ዓምድ በየረድፉ ይህንን ይጻፉ፤

```
=RAND()
```

ከዚያም ሰንጠረዡን በሙሉ በዚያ ዓምድ ደርድረው የላይኛውን ግማሽ ለርዕስ ሀ፣ የታችኛውን ለርዕስ ለ ይስጡ። ሁለቱም በአንድ ሰዓት መላካቸውንም ያረጋግጡ። በእኛ አገር ሰዓት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ይላክ ብሎ 3:00 ኤኤም የሞላ ሰው መልእክቱ የሚሄደው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ አንደኛው ቡድን ላይ ብቻ እንዲህ ከተሳሳቱ የሚፈትኑት ርዕሱን ሳይሆን ሰዓቱን ይሆናል።

ችግር፦ አሸናፊው በየሰዓቱ ይለዋወጣል

መንስኤው ውጤቱን እየደጋገሙ ማየትና አንዱ ሲመራ ማቆም ነው። በተመለከቱ ቁጥር በአጋጣሚ የመሳሳት ዕድል ይጨመራል፤ ከ100 ጊዜ 5 ብለን የወሰንነው ስሕተትም ሳይታወቅ ከዚያ በላይ ይሆናል። መፍትሄው የመመልከቻውን ጊዜ አስቀድሞ በወረቀት ጽፎ፣ ለምሳሌ ከተላከ ከሁለት ሙሉ ቀን በኋላ ብሎ፣ እስከዚያ አለመወሰን ነው።

ችግር፦ የከፈቱት በዝተዋል፣ የተመዘገበ ግን አልጨመረም

የኢሜይል መላኪያው «ተከፈተ» ብሎ የሚቆጥረው በመልእክቱ ውስጥ የተደበቀች ትንሽ ምስል ስትጫን ነው። ከመስከረም 2021 እንደ ፈረንጆች ጀምሮ የአፕል ሜይል መተግበሪያ፣ የግላዊነት ጥበቃው በበራበት ስልክ ሁሉ፣ ሰው ባያነብም ምስሎቹን አስቀድሞ ይጭናል፤ በተቃራኒው ምስል እንዳይጫን የዘጋ አንባቢ ቢያነብም አይቆጠርም። የእኛ ሠራተኞች በብዛት አንድሮይድ ስለሚይዙ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ በውጭ አገር ለሚኖሩ ዘመዶች የሚልክ ሰው ግን የመክፈቻውን ቁጥር ብቻውን ማመን የለበትም።

መፍትሄው በመልእክቱ ውስጥ ያለውን የምዝገባ ማስፈንጠሪያ የተጫኑትን መቁጠር ነው፤ ዋጋውም የናሙናው መጨመር ነው። በተለምዶ 3 በመቶ ሰዎች የሚጫኑ ከሆነ ወደ 4 በመቶ ማደጉን ለማወቅ ቀመሩ በየቡድኑ ከ4,600 በላይ ሰዎች ይጠይቃል። እንደ እኛ ያለ መዝገብ ይህን በአንድ ዙር አያገኘውም። ስለዚህ ርዕሱን በመክፈቻ ቁጥር፣ የአፕል ሜይል ተጠቃሚዎችን ለይቼ በማውጣት እመዝናለሁ፤ የተጫኑትን ደግሞ ከዙር ወደ ዙር እየደመርሁ በደብተር እይዛለሁ፤ በየወገኑ 4,600 መልእክት እስኪሞላም አሸናፊ አልሰይምም።