ጆይስቲኩ ሳይሆን ቲቪው ነበር የሚዘገየው

ኮዬ ፈጬ የአክስቴ ልጅ ቤት ፕሌይስቴሽን ላይ ኳስ ስንጫወት ፓስ ትነካለህ ተጫዋቹ ግን ቆይቶ ነው የሚለጋው፣ እሱ ጆይስቲኩን ይረግማል፣ እኔ ደግሞ ኦፍላይን እየተጫወትን ስለሆነ ኔትወርክ አይደለም አልኩት፣ ሜኑ ላይ እንኳን ምርጫው ከጣታችን ኋላ ነው የሚሄደው፣ በቃ ቲቪው ነው።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ቲቪው ምስሉን ከማሳየቱ በፊት ያስውበዋል፣ እንቅስቃሴ ለማለስለስ ደግሞ ቀጣዩን ምስል ጠብቆ መሃል ላይ የራሱን ፈጥሮ ይጨምራል፣ ጊዜውን የሚበላው እሱ ነው። ጌም ሞድ የሚባለው የቲቪው ሴቲንግ ይሄን አብዛኛውን ይዘለዋል፣ አንዳንድ ቲቪ ላይ መዘግየቱ ከ100 ሚሊሰከንድ ወደ 20 ገደማ ይወርዳል።

መጀመሪያ ፕሌይስቴሽኑ የተሰካበትን HDMI ምረጡ፣ ከዛ ሴቲንግ ገብታችሁ ጌም ሞድን አብሩት (አንዳንዱ ላይ ፒክቸር ሞድ ውስጥ ነው ያለው)። ብዙ ቲቪ ለእያንዳንዱ HDMI ለብቻው ስለሚይዝ ገመዱን ሌላ ቦታ ከሰካችሁ እንደገና ማብራት ነው። ፊልም ስታዩ አጥፉት፣ ካልሆነ የምስሉ ውበት ትንሽ ይቀንሳል። ኦንላይን ስትገቡ ብቻ የሚዘገይ ከሆነ ግን ኢንተርኔታችሁ ነው፣ ጌም ሞድ ምንም አያደርግለትም።